ስለ መድረሳ የምንሳሳታቸው ነገሮች፦ የባግዳዷ ኒዛሚያ ስትታይ

«መድረሳ ማለት ሕፃናት ቁርኣን የሚቀሩበት ቤት ነው።»

በእኛ አገር ቃሉ በብዛት የሚያገለግለው ለዚያ ስለሆነ ብዙ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይገርምም። ጥንት ግን ፊደል ማስቆጠርና ቁርኣን ማስቀራት የሌላ ቤት ሥራ ነበር፤ ዐረቦች ኩታብ ይሉታል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ኒሻፑርና ባግዳድ ውስጥ መድረሳ የሚገባው ይህንን ጨርሶ፣ ፊቅህ ማለትም የሸሪዓን ሕግ ሊማር የመጣ ወጣት ነው። ወሎ ውስጥ ሼኽ ዘንድ ተቀምጦ ኪታብ የሚቀራውን «ደረሳ» የምንለውም ከዚያው የዐረብኛ ሥር ነው።

«መንግሥት ያቆመውና በጀት የሚመድብለት ትምህርት ቤት ነበር።»

ኒዛሚያ የምትባለውን የባግዳድ መድረሳ ያሠራው ኒዛም አልሙልክ የሰልጁቅ ሱልጣኖች ወዚር፣ ማለትም ዋና ሚኒስትር ስለነበር ነገሩ እንዲያ ይመስላል። ቤቷ ተሠርታ በ1067 እ.ኤ.አ. ተከፈተች። የቆመችው ግን በወቅፍ ነው። ወቅፍ ማለት ባለንብረቱ ሱቁን፣ እርሻውን ወይም መታጠቢያ ቤቱን ለበጎ ሥራ ለዘለዓለም ሲያስር ነው፤ ከዚያ ወዲያ አይሸጥም፣ አይወረስም። ናዚር የሚባለው ተቆጣጣሪ ኪራዩን ይሰበስባል፤ በተለምዶ መጀመሪያ ለቤቱ ጥገና ያወጣል፣ የቀረውን ለመምህራንና ለተማሪዎች ያካፍላል። ገበያው ከተቃጠለ ወይም ኪራዩ ከወደቀ ደመወዙም ይወድቃል። ብዙ መድረሳ የተዘጋው ዕውቀት ጠልቶ የዘጋው ሰው ስለነበረ ሳይሆን ሱቆቹ ስለፈረሱ ነው።

ወቅፍ አድራጊው ሰነዱ ላይ ያሰፈረው ቃል ሕግ ነው። ኒዛም አልሙልክ መምህሩ፣ ሰባኪውና የመጻሕፍቱ ጠባቂ የሻፊዒ መዝሀብ፣ ማለትም የፊቅህ ጎራ ተከታዮች እንዲሆኑ አዘዘ፤ የመሾም ሥልጣኑንም ለራሱና ለዘሮቹ አስቀረ። በ1083 ዋናው መምህር አቡ ኢስሐቅ አሽሺራዚ ሲሞቱ የወዚሩ ልጅ በፍጥነት ሌላ ሰው ሾመ። አባትየው ሲሰማ «ለእንዲህ ያለ ሰው ሐዘን መድረሳዋ አንድ ዓመት በተዘጋች ነበር» ብሎ ተቆጣ፤ የልጁንም ሹመት ሽሮ ኢብን አልሰባግ የተባሉትን ሾመ።

«እንደ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናም ፍልስፍናም ሁሉም ይሰጥበት ነበር።»

ወንበሩ የፊቅህ ነበር። ቁርኣንና ሰዋስው የሚያስተምሩ ሰዎችም ተቀጥረዋል፤ ሥራቸው ግን ያንን ማገዝ ነው። ታዋቂው ዓሊም አልጋዛሊ በ1091 ኒዛሚያ ሲሾም ዕድሜው ገና 33 አካባቢ ነበር። ፍልስፍናን ያጠናው ከማስተማርና ከመጻፍ በተረፈችው ጊዜ፣ ያለ አስተማሪ፣ ከመጻሕፍት እንደሆነ ራሱ ጽፏል፤ በዚያው ወቅት 300 ተማሪዎች ነበሩት። ሕክምና መድረሳ ውስጥ የገባበትም አለ፦ በ1234 ባግዳድ ውስጥ የተከፈተችው ሙስተንሲርያ ሐኪም ነበራት። እሷም ብትሆን አራቱን መዝሀቦች በአንድ ግቢ ለማስተማር የተሠራች ናት።

«የዲን ዓሊም ለአላህ ብሎ ነው የሚያስተምር፣ ደመወዝ አያውቅም ነበር።»

ደመወዙ ነበር፤ ጭንቀቱም አብሮት ነበር። ኒዛሚያ ስትከፈት ለወንበሩ የታጩት እኒያው አቡ ኢስሐቅ ናቸው። በመክፈቻው ቀን ሕዝቡ ተሰብስቦ ቢጠብቅ ቢጠብቅ እሳቸው የሉም። መንገድ ላይ አንድ ልጅ «ያ ሼኽ፣ በግፍ በተወሰደ ቦታ እንዴት ያስተምራሉ?» ብሎ ስላላቸው ተመልሰው ነበር። ወንበሩ ለኢብን አልሰባግ ተሰጠና ሃያ ቀን አስተማሩ። ተማሪዎቻቸው «ካልገቡ ትተንዎት እንሄዳለን» ሲሏቸው አቡ ኢስሐቅ በመጨረሻ እሺ አሉ፤ ሶላት ሲደርስ ግን ወጥተው ሌላ መስጊድ ይሰግዱ ነበር ይባላል። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ከሹመቱ ይልቅ የምታስበኝ ያቺ በየሶላቱ የሚወጡባት በር ናት።

ሌላውን ደግሞ ወንበሩ ወደ ራሱ ጎተተው። ኢብን አድደሃን የተባለው ዐይነ ስውር የሰዋስው ሊቅ መጀመሪያ ሐንበሊ ነበር፤ ኋላ ሐነፊ ሆነ። የኒዛሚያ የሰዋስው ወንበር ክፍት ሲሆን ደግሞ በወቅፉ ቃል መሠረት ሻፊዒ መሆን ነበረበትና ሆነ። አንድ ባለቅኔ «ነገ ደግሞ ማሊኪ ትሆናለህ» ብሎ ገጠመበት።

ከመምህሩ ሥር ሙዒድ የሚባል ነበር፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ለደካሞቹ ደግሞ የሚያስረዳ፣ እሱም ከወቅፉ የሚከፈለው። መምህሩ ሲቀርም ምትክ ይቆምለታል፤ አልጋዛሊ በ1095 ሁሉን ትቶ ከባግዳድ ሲወጣ በቦታው የቆመው ወንድሙ አሕመድ ነው።

«ጨርሶ ሲወጣ መድረሳው ዲፕሎማ ይሰጠዋል።»

ኢጃዛውን፣ ማለትም የማስተማር ፈቃዱን የሚሰጠው መምህሩ ነው፣ በገዛ ስሙ። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሰው ስለ አንድ ዓሊም ሲጠይቅ «ማን ዘንድ ነው የቀራው?» ይላል እንጂ «የት ነው የቀራው?» አይልም።