እያነባ የሚደርቅ ዓይን፦ የዓይን ድርቀት በድሬዳዋ

ድሬዳዋ ላይ «ዓይንህ ደርቋል» የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ ይቆጣል። «አቦ፣ እኔ እኮ እንባዬ አላቆም ብሎኝ ነው የመጣሁት!» ይላል። አይፈረድበትም። የሚያነባ ዓይን ደረቀ ሲባል ማን ያምናል? የዚህ በሽታ ጣጣ ግን እዚሁ ላይ ነው። ዓይን ሲደርቅ ይቆጠቁጣል። ሲቆጠቁጥ የእንባ እጢው ደንግጦ ውሃ ይለቃል። ያ ውሃ ጉንጭ ላይ ይወርዳል እንጂ ዓይን ላይ አይቆይም። የማይቆይበትን ምክንያት ለማወቅ እንባ ከምን እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ዓይናችንን የሚሸፍነው እንባ ከጥቂት ማይክሮን አይበልጥም። ከፀጉር ክር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነው። እንደዚያም ሆኖ ሦስት ነገር ይዟል። ከታች፣ ዓይኑ ላይ የሚያርፈው፣ ሙልጭልጭ ያለ ንፍጥ መሰል ሽፋን ነው። እሱ ባይኖር ውሃው ቅባት እንደነካው ሳህን ላይ ይንከባለል ነበር። መካከል ላይ ውሃው አለ፤ የሚመጣው ከላይኛው የዓይን ቆብ በላይ ካለው የእንባ እጢ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስስ ዘይት ይንሳፈፋል። ዘይቱን የሚያመነጩት በዓይን ቆብ ውስጥ የተደረደሩ፣ አፋቸውን ከሽፋሽፍቱ ሥር የከፈቱ ትንንሽ እጢዎች ናቸው። በእያንዳንዱ ቆብ ላይ ከ20 እስከ 40 ገደማ ይሆናሉ። ሥራቸው የድስት ክዳን ሥራ ነው። ክዳኑ ከሌለ ውሃው ይተናል።

ስለዚህ የዓይን ድርቀት ሁለት መልክ አለው። አንዱ ውሃው ራሱ ሲያንስ ነው፤ የመገጣጠሚያ ሪህና መሰሎቹ በሽታዎች፣ ዕድሜ፣ እንዲሁም እንደ አለርጂ ክኒን ያሉ መድኃኒቶች ያመጡታል። ሌላው ዘይቱ ሲበላሽና ውሃው ቶሎ ሲተን ነው። በብዛት የሚታየው ይኸኛው ነው። ለድሬ ሰውም የሚቀርበው እሱ ነው። ከተማዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሞቃትና ደረቅ አየር ውስጥ ተቀምጣለች። ነፋሱ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ እያነሳ ይነፋል። ቤት ስትገባ ደግሞ ቬንትሌተሩ ሌሊቱን ሙሉ ፊትህ ላይ ይነፍስብሃል። ስልክ ላይ ማፍጠጥ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። ዓይናችንን በተለምዶ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል እናርገበግባለን፤ ስልክ ላይ ስናተኩር ቁጥሩ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ማርገብገብ ደግሞ ዘይቱን ከእጢው ጨምቆ የሚያወጣና የሚያሰራጭ እንቅስቃሴ ነው።

አንድ የሳቢያን ሰፈር ባጃጅ ነጂ ላምጣ። ዕድሜው ወደ 50 ይጠጋል። ከቀትር በኋላ ዓይኑ ይቀላል፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል፣ እያነባ ይነዳል። መጀመሪያ ያደረገው ብዙዎቻችን የምናደርገውን ነው፤ ያለ ማዘዣ አንድ ጠብታ ገዛ። ለጥቂት ቀን ዓይኑ ነጭ ሆነ። ሲያቆም የባሰ ቀላ። እነዚህ መቅላት የሚያጠፉ ጠብታዎች የደም ሥር ያጠባሉ እንጂ ድርቀት አያክሙም። ከዚህ የሚከፋው ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ነው። ለሳምንታት ያለ ክትትል ከተጨመረ የዓይን ግፊትን ሊጨምርና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል።

ኋላ ሲመረመር ሁለት ነገር ታየ። በታችኛው ቆቡ ውስጥ ለ5 ደቂቃ የተሰካው የእንባ መለኪያ ወረቀት 16 ሚሊ ሜትር ረጠበ። ከ5 በታች ቢሆን ኖሮ ውሃ የለውም ይባል ነበር። ስለዚህ ውሃው አለ። ከዚያ ቢጫ ቀለም ተጨምሮለት «ዓይንህን አታርገብግብ» ተባለ። እንባው በ4ኛው ሰከንድ ተሰነጣጠቀ። ከ10 ሰከንድ በታች ሲሆን ችግር መኖሩ ይጠረጠራል። በመጨረሻ ቆቡ በጣት ቀስ ተብሎ ሲጫን እንደ ዘይት መፍሰስ የነበረበት ነገር እንደ ጥርስ ሳሙና ወፍሮ ወጣ። ነገሩ ይሄው ነው። ክዳኑ ረግቷል።

የረጋ ቅቤ ምን ይደረጋል? ይሞቃል። የሞቀ ጨርቅ ጥቅሙ እሱ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው ጨርቁን ለ1 ደቂቃ ይዞ «አልሠራም» ማለቱ ነው። ዘይቱ እንዲቀልጥ ቆቡ ወደ 40 ዲግሪ መድረስና እዚያው ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መቆየት አለበት። እርጥብ ፎጣ ደግሞ በ2 ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። ባጃጅ ነጂው ያገኘው ዘዴ ቀላል ነው። ማታ ሙቅ ውሃ በፔርሙስ ይይዛል፣ ሁለት ትንንሽ ንጹሕ ፎጣ ያዘጋጃል። አንዱ ዓይኑ ላይ ሲሆን ሌላው ሙቁ ውሃ የተቀዳበት ሳህን ውስጥ ነው፤ በየ2 ደቂቃው ይቀያይራቸዋል። ፎጣውን ፊቱ ላይ ከማድረጉ በፊት በእጁ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ይፈትነዋል። እዚያ ካቃጠለ ለዓይን ቆብ አይሆንም። ዓይኑ የግድ ይጨፈናል።

ከሙቀቱ በኋላ ወዲያው ማሸት ይከተላል። ዓይን እንደተጨፈነ የላይኛው ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛው ወደ ላይ፣ ሁለቱም ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ በንጹሕ ጣት ይታሻል። የዓይኑን ኳስ መጫን አይደለም፤ ቆቡን ብቻ ነው። በቀን 2 ጊዜ ይደረጋል። ለውጡን ለማየት ወር አካባቢ መታገስ ያስፈልጋል። ኩል የምትጠቀሙ እህቶችም ከሽፋሽፍቱ ውስጥ በኩል፣ እጢዎቹ አፍ ላይ ባትኳሉ ይመረጣል፤ ኩሉ አፋቸውን ይደፍነዋል።

ሰው ሠራሽ እንባ ይህን አይተካም። የዓይኑን ገጽ ያረጥባል፣ ዘይቱ እስኪስተካከል ያሳልፋል። ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ ወይም ሶዲየም ሃያሉሮኔት የያዙት የተለመዱ ናቸው። 1 ጠብታ ይበቃል። ዓይን ከዚያ በላይ አይዝም፣ ሁለተኛው ወደ ጉንጭ ነው። የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ስቦ፣ የጠርሙሱን ጫፍ ሽፋሽፍት ሳያስነኩ ማንጠባጠብና ለ1 ደቂቃ መጨፈን ነው። በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ይጠይቅ፤ ብዙ ጠብታዎች ውስጥ ያለው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ሲደጋገም ራሱ ዓይንን ያደርቃል። የተከፈተ ጠርሙስም ብዙውን ጊዜ ከ28 ቀን በኋላ ይጣላል። አንድ የድሬ ጉዳይ አለ፤ ጠብታውን ባጃጅ ውስጥ ትቶ መዋል። ብዙዎቹ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ ያለባቸው ናቸው። በቀትር ፀሐይ የቆመ ተሽከርካሪ ውስጥ ያለው ሙቀት ከዚህ በጣም ያልፋል።

ፎጣና ጠብታ የማይፈቱትም አለ። ትራኮማ ያለፈበት ዓይን ጠባሳው ንፍጥ መሰሉን ሽፋን የሚሠሩትን ሕዋሳት ያጠፋል፣ ሽፋሽፍቱንም ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ስሜቱ ከድርቀት ጋር ይመሳሰላል። መስተዋት ፊት ቆሞ ፀጉሩ ኳሱን ይነካው እንደሆነ ማየት ይቻላል። ከነካ ሐኪም ቤት ነው። ሕመሙ ጠንከር ያለ፣ ብርሃን የሚያስፈራ፣ ዕይታ የሚያደበዝዝ ወይም አንድ ዓይን ላይ ብቻ የሆነ ከሆነም ፎጣ ይዞ አይጠበቅም።

ባጃጅ ነጂው ከ6 ሳምንት በኋላ ሲታይ እንባው ሳይሰነጣጠቅ 9 ሰከንድ ቆየለት። ግራና ቀኙን የሚሸፍን መነጽርም አደረገ፣ የቬንትሌተሩን አንገት ወደ ግድግዳ አዞረ። አሁን ፎጣውን በቀን አንዴ ነው የሚያደርገው። ለአንድ ሠርግ ጉዳይ ሁለት ሳምንት ዘልሎት ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ቀፊራ አካባቢ ሲደርስ እንባው ጀመረ።