ዕዳ ሲበዛ የቱ ይቅደም? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በወር የማወጣው ብር ያው ነው። የቱንም ባስቀድም ለውጥ የለውም።»

በቁጥር እንየው። አንድ ሰው ሦስት ዕዳ አለበት እንበል። ትንሹ 10,000 ብር ሲሆን ወለዱ በዓመት 6 በመቶ ነው። መካከለኛው 24,000 ብር በ12 በመቶ፣ ትልቁ ደግሞ 50,000 ብር በ30 በመቶ። ወለዱ በየወሩ በቀሪው ዕዳ ላይ ይታሰባል። በየወሩ የግድ መከፈል ያለበት ለትንሹ 500፣ ለመካከለኛው 800፣ ለትልቁ 1,700 ብር ነው፤ ሲደመር 3,000። ሰውየው ግን 5,000 ብር መመደብ ይችላል። እንግዲህ ጥያቄው የተረፈችው 2,000 ብር የት ትግባ ነው።

ትንሹ ላይ ከገባች በወር 10 ብር ወለድ ታስቀራለች። ትልቁ ላይ ከገባች 50 ብር። ያው ብር፣ አምስት እጥፍ ልዩነት። ይህ ወር በወር ሲጠራቀም ነው ነገሩ የሚገዝፈው።

ከትንሹ ጀምሮ ቢከፍል ትንሹ ዕዳ በ5ኛው ወር፣ መካከለኛው በ11ኛው ወር ይዘጋል። ትልቁ በ22ኛው ወር ያልቃል፤ የመጨረሻዋ ክፍያ 322 ብር ብቻ ናት። በድምሩ ወደ 21,320 ብር ወለድ ይከፍላል።

ከፍተኛ ወለድ ካለው ቢጀምር ሁሉም በ20ኛው ወር ያልቃል፤ ወለዱም ወደ 15,865 ብር ይወርዳል። ቅደም ተከተሉን በመቀየር ብቻ 5,450 ብር ገደማ ኪሱ ውስጥ ይቀራል። የአንድ ወር ሙሉ ክፍያ ከነትርፉ ማለት ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከትልቁ ዕዳ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ለእሱ 10 ወር ሙሉ 1,700 ብር ብቻ እየተከፈለ ይቆያል። 17,000 ብር ወጥቶበት ዕዳው የቀነሰው በ5,000 ብር ገደማ ነው። ቀሪውን ወለድ በልቶታል።

«ከፍተኛ ወለድ ማለት በወር ብዙ ብር የሚያስከፍለኝ ዕዳ ነው።»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 50,000 ብር በ6 በመቶ እና 10,000 ብር በ30 በመቶ ጎን ለጎን አስቀምጡ። የሁለቱም ወለድ በወር 250 ብር ነው። እኩል ይመስላሉ። ግን 2,000 ብር የመጀመሪያው ላይ ብትጨምሩ ወለዱ በ10 ብር ይቀንሳል፣ ሁለተኛው ላይ ብትጨምሩ በ50 ብር። ስለዚህ መታየት ያለበት የወለዱ መቶኛ ነው እንጂ በደረሰኙ ላይ የተጻፈው የወለድ ብር አይደለም።

ይህ ምሳሌ ሌላም ነገር ያሳያል። ትንሹ ዕዳ ራሱ ከፍተኛ ወለድ ያለው ከሆነ ሁለቱም መንገዶች የሚጀምሩት ከእሱ ነው፤ በየቱ ልጀምር የሚለው ክርክርም አያስፈልግም። የዕዳዎቹ ወለድ ተቀራራቢ ከሆነም፣ ለምሳሌ 12 እና 13 በመቶ፣ ልዩነቱ ኢምንት ነው። ያኔ ደስ ያላችሁን አስቀድሙ።

«አንዱ ላይ ካተኮርኩ ሌሎቹ ለጊዜው ይቆዩ።»

አይሆንም። በሁለቱም መንገድ የሁሉም ዕዳ የግዴታ ክፍያ በየወሩ መከፈል አለበት። ቅደም ተከተሉ የሚመለከተው ትርፏን ብር ብቻ ነው። አንድ ክፍያ ከተዘለለ ቅጣት ይመጣል፤ ቅጣቱ ደግሞ የወራት ድካምን በአንድ ጊዜ ሊበላው ይችላል።

ሌላው የሚረሳው ነገር አንድ ዕዳ ሲዘጋ ነው። ትንሹ ዕዳ በ5ኛው ወር ሲያልቅ ለእሱ ይወጣ የነበረው 2,500 ብር ወደ ቀጣዩ ዕዳ ማለፍ አለበት። ከላይ ያሰላሁት ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ያቺ ብር ወደ ወር ወጪ ከገባች 22 ወሩም 20 ወሩም ይቀራል።

«ከትንሹ የሚጀምር ሰው ሒሳብ አይገባውም።»

በዚህ አልስማማም። የምሳሌያችንን ሰው ሁለተኛውን መንገድ ይዞ እንየው። የመጀመሪያው ዕዳ የሚዘጋለት በ17ኛው ወር ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ሦስቱም ዕዳ እንዳለ ይቀመጣል። በመሃል የሚሰላች ሰው ብዙ ነው፤ መንገዱን በ8ኛው ወር የተወ ሰው ደግሞ የወረቀቱን 5,450 ብር አያገኛትም።

ከስሜት ውጭም ጥቅም አለው። ትንሹ ዕዳ በ5ኛው ወር ሲዘጋ የግዴታ ክፍያው ከ3,000 ወደ 2,500 ብር ይወርዳል። በ11ኛው ወር ደግሞ ወደ 1,700። በዚያ መሃል ደመወዝ ቢቀንስ ወይም ሥራ ቢቆም መተንፈሻ ይኖራል። ከፍተኛ ወለድ ያለውን የሚያስቀድም ሰው ግን እስከ 17ኛው ወር ድረስ 3,000 ብሩ የግድ ነው። ገቢው የማያስተማምን ሰው ይህን ከቁጥር ማስገባት አለበት።

«አንዱን ከመረጥኩ እስከ መጨረሻው በዚያው መቀጠል አለብኝ።»

ማን አስገደዳችሁ? በዚያው ምሳሌ ሰውየው ትንሹን በ5 ወር ዘግቶ፣ ከዚያ መካከለኛውን አልፎ ቀጥታ ወደ ትልቁ ቢዞር ሁሉም በ21ኛው ወር ያልቃል። ወለዱ 18,030 ብር ገደማ ይሆናል። ከፍተኛ ወለድ ካለው ከመጀመር ጋር ሲነጻጸር 2,160 ብር ገደማ ተጨማሪ ያስወጣዋል። በምትኩ ግን አንድ ዕዳ ከ17ኛው ወር ይልቅ በ5ኛው ወር ይወርድለታል። እስከ መጨረሻው ከትንሽ ወደ ትልቅ ከመሄድ ደግሞ 3,300 ብር ገደማ ይሻላል። ለእኔ አብዛኛው ሰው ሊጨርሰው የሚችለው መንገድ ይህ ይመስለኛል። አንድ ትንሽ ዕዳ ቶሎ መዝጋት፣ ከዚያ ፊትን ወደ ከባዱ ወለድ ማዞር።

«ወለዱ ትልቅ የሆነውን ቀድሞ መክፈል ሁልጊዜ ወለድ ያስቀራል።»

ሁልጊዜ አይደለም፤ ውሉ ይወስነዋል። እስካሁን ያየነው ወለድ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ነው። አንዳንድ ብድር ግን ወለዱ ገና ሲሰጥ በሙሉው ገንዘብ ላይ ተሰልቶ ይደመርና ለወራቱ እኩል ይከፋፈላል። እንዲህ ያለውን ብድር ቀድማችሁ ብትከፍሉ፣ ውሉ ላይ ቅናሽ ካልተጻፈ በቀር ወለዱ ያው ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው መቶኛ ትልቅ ቢሆንም ትርፏ ብር እዚያ ገብታ ምንም አታስቀርም። ቀድሞ ለከፈለ ሰው ቅጣት የሚጥል ውልም አለ።

ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የክፍያ ሠንጠረዡን ማየት ነው። ከወር ወር የወለዱ ድርሻ እየቀነሰ የዋናው ገንዘብ ድርሻ እየጨመረ ከሄደ፣ ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው። ሁለቱም በየወሩ ሳይለወጡ ከቀጠሉ ወለዱ አስቀድሞ ተሰልቶ ተደምሯል ማለት ነው። ያን ጊዜ አበዳሪውን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ዛሬ ሙሉ በሙሉ ልዝጋው ብል ስንት ነው የምከፍለው?» የሚሰጣችሁ ቁጥር ከቀሩት ወርሃዊ ክፍያዎች ድምር ካላነሰ፣ ያ ዕዳ ከወረፋው መጨረሻ ይሁን።