«ጊዜያችሁን ሳልወስድ»፦ እንግዳ ማስተዋወቅ በደሴና በኮምቦልቻ መድረኮች

በደሴም ሆነ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ በሚገኘው ኮምቦልቻ፣ የተማሪ ምረቃ፣ የሽኝት ፕሮግራም ወይም የውይይት ምሽት ሲኖር ከእንግዳው በፊት ማይክ የሚይዝ ሰው አለ፤ መድረክ መሪው። ሥራው አጭር ነው። አዳራሹ እንግዳውን ለመስማት እንዲፈልግ አድርጎ ከመድረክ መውረድ ነው። አብዛኛው መድረክ መሪ ግን ይህን ሥራ በሙሉ ለጥቂት የታወቁ ሐረጎች ይተወዋል፦ «ብዙ ጊዜያችሁን ሳልወስድ»፣ «እሳቸውን ለእናንተ ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ነው»፣ «በሞቀ ጭብጨባ ተቀበሉልኝ»።

«ጊዜያችሁን ሳልወስድ» ሲነሳ የጨዋ ሰው ንግግር ነበር። ታላላቆች በተቀመጡበት የሚናገር ታናሽ ይቅርታ የሚጠይቅበት ነው። ዛሬ ግን በብዛት የሚሰማው አምስት ደቂቃ ከተወሰደ በኋላ ነው፤ የሰማው ሁሉ በልቡ «ወስደህ ጨረስክ» ይላል። እንግሊዝኛ በሚነገርባቸው መድረኮች ይህንኑ ቦታ የያዘው «ዊዝአውት ፈርዘር አዱ» ነው። «አዱ» ግርግር ማለት ሲሆን፣ ቃሉ ከዚህ አባባልና ከጥቂት መሰሎቹ ውጭ እምብዛም አይሰማም። ቃሉ ሞቶ ሐረጉ ቀርቷል ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚጎዳው ግን የቀባሪው ተረት ነው። አዳራሹ ውስጥ እንግዳውን የሚያውቁ ጥቂት የፊት ወንበር ሰዎች ይስቃሉ። ከሌላ አገር የመጣው ተማሪ፣ ሥራ ከጀመረ ወር ያልሞላው ባለሙያ ደግሞ ማወቅ የነበረበትን ሳያውቅ እንደተገኘ ሰው ይሸማቀቃል። መድረክ መሪው ያከበረው መስሎት ግማሹን አድማጭ ከበር ውጭ ትቶታል።

ደረቅ ሐረግን ለመለየት አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ነገ በሌላ አዳራሽ ለሌላ እንግዳ ሳይለወጥ ከሠራ፣ ይሰረዝ። «በሙያቸው አንቱ የተባሉ» ይሰረዛል፤ «ሁለገብ» ይሰረዛል። ብዙ ጊዜ ከአንድ ገጽ የሚተርፈው ሁለት መስመር ነው። እነዚያ ሁለት መስመሮች ይበቃሉ።

አንድ ምሳሌ እንይ። ኮምቦልቻ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተማሪዎች በሽመና ክፍል 27 ዓመት የሠሩ አንድ ጡረተኛ ጋብዘዋል እንበል። የተለመደው ማስተዋወቂያ ከትውልድ ዘመናቸው ይጀምራል፤ የተማሩበትን፣ የተሸለሙትን፣ የልጆቻቸውን ቁጥር ይዘረዝራል፤ በጭብጨባ ይዘጋል። ማስተዋወቂያው ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል፤ ተማሪው ለምን ሊሰማቸው እንደሚገባ ግን አይናገርም።

ሌላው መንገድ በስልክ ይጀምራል። መድረክ መሪዋ ከአንድ ቀን በፊት ደውላ ሦስት ነገር ትጠይቃለች፦ ምን ተብለው ሊጠሩ ይፈልጋሉ፣ ከሥራ ዘመናቸው ሰው ሁልጊዜ ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ምንድን ነው፣ እንዳይነሳባቸው የሚፈልጉት ነገር አለ ወይ። ከሁለተኛው መልስ ይህ ወጣ እንበል፦

«ክር ሲበጠስ የሽመና ማሽኑ ለምን እንደሚቆም ሁላችንም በደብተራችን ጽፈናል። የዛሬው እንግዳችን ማሽኑ ከመቆሙ በፊት በድምፁ ያውቁታል። 27 ዓመት በሽመና ክፍል ሠርተዋል፤ ያንን ጆሮ እንዴት እንዳገኙት፣ ስንት ጊዜ እንደተሳሳቱም ሊነግሩን እሺ ብለዋል። መድረኩ የእርስዎ ነው፣ ጋሽ እገሌ።»

ይህ ሲነገር ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለ እንግዳው ሳይሆን ስለ አድማጩ ነው። ሁለተኛው እንግዳው ከአድማጩ በምን እንደሚለዩ ያሳያል። 27 ዓመቱ የገባው ጆሮውን ስለሚያስረዳ ብቻ ነው፤ ሽልማቱ ለዛሬው ወሬ ስለማይረዳ ቀርቷል። «ስንት ጊዜ እንደተሳሳቱም» የሚለው ግን ያለ ፈቃድ የሚገባ አይደለም፤ እሳቸው ራሳቸው በስልክ ካላነሱት ስድብ ይሆናል። መልሱንም መድረክ መሪዋ አልተናገረችም። የእንግዳውን ምርጥ ታሪክ ቀድሞ ነግሮ እሳቸውን ባዶ እጅ ማስቀረት በኛ መድረኮች የተለመደ ጥፋት ነው።

ስሙ መጨረሻ ላይ መቀመጡ የቋንቋችን ጉዳይም አለበት። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግስ ስለሚዘጋ «ጋሽ እገሌን ወደ መድረክ በአክብሮት እጋብዛለሁ» ሲባል ጭብጨባው ስሙ ላይ ይጀምርና የቀረው በጫጫታ ይዋጣል፤ መድረክ መሪው ለራሱ ሲያወራ ይቀራል። ስለዚህ ግሱ አስቀድሞ ይዘጋና ስሙ ለብቻው ይጠራል። ስሙ ተጠርቶ ድምፅ ከወረደ፣ መሪዋም አንድ እርምጃ ወደ ጎን ካለች፣ ጭብጨባው ሳይለመን ይመጣል። ካልመጣ ራሷ ትጀምር።

አጠራሩ በወሎ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ሐጅ ያደረጉ ሰው በደሴ አዳራሽ «አቶ» ሲባሉ ጆሮ ይቆረቁራል፤ ሐጂ፣ ሼህ፣ ቄስ፣ መምህር፣ ጋሼ የሚለውን የሚወስነው እንግዳው ነው። የፈረንጅ ወግ ተከትሎ ሰውን በአባቱ ስም ብቻ መጥራትም አንዳንዴ ይሰማል። እኛ ዘንድ ስሙ የራሱ ነው፤ ዶክተርም ፕሮፌሰርም የሚቀጠለው በእሱ ላይ ነው። መድረክ መሪው የእንግዳው የልጅነት ጓደኛ ቢሆን እንኳ መድረክ ላይ «አንተ» ማለት ሌላውን ሰው ያገልለዋል፤ ለሻይ ሰዓት ይቆይ።

ሰላምታው ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። «ክቡራንና ክቡራት» ብሎ የባለሥልጣን ዝርዝር ከመዘብዘብ «አፊያ ናችሁ?» ብሎ ማቆም ይሻላል። «አልሐምዱሊላህ» እና «እግዚአብሔር ይመስገን» ከየወንበሩ እኩል ሲመጣ አዳራሹ ራሱ ተናግሯል። የመንግሥት ፕሮቶኮልና የለቅሶ መርሐ ግብር ግን ከዚህ ውጭ ናቸው፤ እዚያ የታወቀው ቃል እንደታወቀ መነገሩ ራሱ ማክበር ነው።

መዝጊያው የባሰ ይደርቃል። «ብዙ ቁም ነገር እንደጨበጣችሁ አምናለሁ» የሚለው የተናጋሪውን አንድ ቃል እንዳልሰማ ሰው ያስመስላል፤ አንዳንዴም እውነት ነው፣ መሪው የሚቀጥለውን ወረቀት ሲያገላብጥ ነበር። መፍትሔው ንግግሩ እየተሰማ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። «ጋሽ እገሌ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ የሰሙት ጫጫታ ብቻ እንደነበር ነገሩን። እኛም አሁን እዚያ ዓመት ላይ ነን። እናመሰግናለን።» አንድ ነገር ብቻ፤ ንግግሩን መልሶ ማሳጠር ወይም ማረም አይደለም። ንግግሩ የተበላሸ እንደሆነስ? ያልነበረውን «ድንቅ» ከማለት የመጡበትን መንገድና የሰጡትን ሰዓት ጠርቶ ማመስገን ይሻላል፤ እሱ ሐሰት የለበትም።

ወሎ ለመዝጊያ ከማንም ያልተበደረው ወግ አለው፤ ምርቃት። አንድ አዛውንት ተነስተው ሲመርቁ ታዳሚው በየመሐሉ «አሚን» እያለ ይቀበላል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። ነገር ግን ምርቃት የታላቅ ነው። የ25 ዓመት መድረክ መሪ ራሱ ልመርቅ ቢል ሰው ፈገግ ይላል፤ የእሱ ድርሻ መራቂውን አስቀድሞ መጠየቅና ማይኩን ማቀበል ነው። ቅደም ተከተሉም መጠበቅ አለበት። የምስክር ወረቀት ከየት እንደሚወሰድ፣ ሻይ ቡናው በየትኛው በር እንደሆነ የሚነገረው ከምርቃቱ በፊት ነው። ከመጨረሻው «አሚን» በኋላ «አንድ ማስታወቂያ ነበረኝ» ብሎ ማይክ የሚያነሳ ሰው የሚያገኘው የተነሱ ሰዎችን ጀርባ ነው።