ፀሐይ ሳትፈጠር የተቆጠሩ ቀናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በእንግሊዝኛው የቀናት ስም ውስጥ ያለውን ታሪክ ለመረዳት ከረቡዕ መጀመር ይጠቅማል። «ዌንስዴይ» ማለት «የዎደን ቀን» ማለት ነው፤ ዎደን የእንግሊዝ ሕዝብ አባቶች ክርስትናን ሳይቀበሉ ያመልኩት የነበረ ጣዖት ነው። እንዲሁም ማክሰኞ በጦርነት ጣዖት በቲው፣ ሐሙስ በነጎድጓድ ጣዖት በቶር፣ ዓርብ በፍሪግ ስም ሲጠራ፣ እሑድ የፀሐይ፣ ሰኞ የጨረቃ ቀን ተብሏል፤ ቅዳሜ ደግሞ የሮማውያኑን የሳተርንን ስም እንደያዘ ቀርቷል።

የዚህ አሰያየም ሥሩ ኮከብ ቆጠራ ነው። የጥንት ኮከብ ቆጣሪዎች ሰባቱን በሰማይ የሚዘዋወሩ ብርሃናት ከሩቁ ጀምረው ሳተርን፣ ጁፒተር፣ ማርስ፣ ፀሐይ፣ ቬኑስ፣ ሜርኩሪ፣ ጨረቃ ብለው ይደረድሯቸው ነበር። እያንዳንዱን ሰዓት በየተራ አንዱ ይገዛዋል፣ ቀኑም የመጀመሪያውን ሰዓት በያዘው ስም ይጠራል ይሉ ነበር። የቅዳሜን አንደኛ ሰዓት ሳተርን ከያዘ፣ ሰባት ሰባት እየተቆጠረ 22ኛው ሰዓት ተመልሶ የእርሱ ይሆናል፤ 23ኛው ለጁፒተር፣ 24ኛው ለማርስ ይደርሳል፤ የማግስቱ የመጀመሪያ ሰዓት ለፀሐይ ይሆንና ቀኑ «የፀሐይ ቀን» ይባላል። በዚሁ ስሌት ሰባቱም ቀናት ስም አገኙ። ኋላም የሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ማርስን በቲው፣ ሜርኩሪን በዎደን፣ ጁፒተርን በቶር፣ ቬኑስን በፍሪግ ተክተው ስሞቹን ወረሱ።

በግእዝ ግን እሑድ አንደኛ፣ ሰኑይ ሁለተኛ፣ ሠሉስ ሦስተኛ፣ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ ማለት ነው፤ ዓርብ የሰንበት መግቢያ፣ የሰንበት ዋዜማ ሲሆን ከእርሱ በኋላ ቀዳሚት ሰንበት ትመጣለች። ይህ ቆጠራ የኦሪት ዘፍጥረት ቆጠራ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ብርሃን ይሁን» ተባለ፤ ፀሐይና ጨረቃ ግን የተፈጠሩት በአራተኛው ቀን፣ በረቡዕ ነው፤ «ለምልክቶች ለዘመኖች ለዕለታት ለዓመታትም ይሁኑ» የተባሉትም በዚያ ዕለት ነው። እንግዲህ ፀሐይ ሳትኖር ሦስት ቀናት ተቆጥረዋል። ኮከብ ቆጣሪዎቹ የመጀመሪያውን ቀን ያኔ ገና ላልተፈጠረች ፍጥረት ሰጡ፤ መጽሐፍ ግን ቀኑን የሚቆጥረው በፈጣሪው ቃል ነው፤ ብርሃናቱም በቀንና በሌሊት እንዲሠለጥኑ ቢባልም ፈጣሪያቸውን የሚያገለግሉ ፍጥረታት እንጂ አማልክት አይደሉም።

በዚህ እኛ ብቻ አይደለንም። ግሪኮች ከሰኞ እስከ ሐሙስ «ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ» እያሉ ቆጥረው ዓርብን «ዝግጅት»፣ እሑድን «የጌታ ቀን» ይላሉ፤ ፖርቱጋሎችም ዛሬ ድረስ ሰኞን «ሁለተኛ» በማለት ይጠራሉ።

ወደ ወራቱ ስንመጣ ጃንዩወሪ የሮማውያን የበር ጣዖት የያኑስ፣ ማርች የማርስ፣ ጁን የዩኖ ስም ነው። ጁላይ ቀድሞ «አምስተኛ»፣ ኦገስት «ስድስተኛ» ይባሉ ነበር፤ የመጀመሪያው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ለዩልዮስ ቄሣር፣ ሁለተኛው ከልደት በፊት በ8 ዓመት ለአውግስጦስ ክብር ተለወጡ። ሴፕቴምበር «ሰባተኛ» ማለት ሆኖ ዘጠነኛ ላይ የሚገኘው የጥንቱ የሮም ዓመት ከማርች ይጀምር ስለ ነበር ነው።

የእኛን ወራት ሊቃውንት ሲተረጉሙ ግን የእግዚአብሔርን መግቦትና የገበሬውን ድካም እናያለን። ኅዳር «ኀደረ» ከሚለው ነው፤ እህሉ ሲደርስ ገበሬው ከማሳው ዳር እያደረ ይጠብቃልና። የካቲት «ከተተ» ከሚለው፣ ምርቱ ወደ ጎተራ የሚከተትበት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው መጋቢት «መገበ» ካለው ይወጣል፤ ሐምሌ ደግሞ ምድር ሐመልማል የምትለብስበት ነው። በዘመን መለወጫ «ትባርክ አክሊለ ዓመተ ምሕረትከ» ብለን የምንዘምረውም ስለዚሁ ነው። ጳጉሜን ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ «ተጨማሪ» ማለት ሲሆን፣ በዓመቱ መጨረሻ የምትጨመረውን አምስት፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን ያመለክታል።

ታዲያ በውጭ አገር የሚኖር ክርስቲያን «ዌንስዴይ» ብሎ ቀጠሮ ቢይዝ ዎደንን አመለከ ማለት ነውን? አይደለም። ነቢዩ ዳንኤል በጣዖት ስም ብልጣሶር ተብሎ ሲጠራ ኖረ፤ ለአምላኩ ያለው ታማኝነት ግን አልተለወጠም። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ሮም ሲሄድ የአሕዛብ አማልክት ምልክት ባለበት መርከብ ተሳፍሯል (ሐዋ. 28፥11)። ጣዖት በዓለም ከንቱ እንደ ሆነ ያስተማረውም እርሱ ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ የጌታን ሞት የመከሩበትን ረቡዕና የተሰቀለበትን ዓርብ የምንጾም ሰዎች፣ ልጆቻችን ቀኑን በእንግሊዝኛ ብቻ ሲያውቁት የምንጾመው አራተኛው ቀን ከዘፍጥረት ጋር ያለው ግንኙነት ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ በቤታችሁ ሰባቱን ቀናት በግእዝ ስማቸው፣ በየዕለቱ ከተፈጠረው ፍጥረት ጋር አስተምሯቸው፤ ረቡዕ ሲደርስም ፀሐይ የተፈጠረችበት ቀን መሆኑን ንገሯቸው።