ኦፕሽንን በሞንቴ ካርሎ መተመን

ኦፕሽን ማለት አንድን አክሲዮን ወደፊት በተቆረጠ ቀን፣ ዛሬ በተስማሙበት ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት ነው። መብት ነው እንጂ ግዴታ የለበትም፤ ካላዋጣ ይተዉታል። ታዲያ ይህ መብት ዛሬ ስንት ያወጣል? ለቀላሉ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የብላክ እና ሾልስ ቀመር ወዲያው መልስ ይሰጣል። ቀመር ለማይገኝላቸው ውሎች ግን ሌላ መንገድ ያስፈልጋል፣ ፌሊም ቦይል በ1977 ለኦፕሽን ያቀረበው የሞንቴ ካርሎ ዘዴም እዚህ ላይ ይመጣል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የአክሲዮኑን የወደፊት ዋጋ በዘፈቀደ ደጋግሞ ማመንጨት፣ በእያንዳንዱ ሙከራ ኦፕሽኑ ስንት እንደሚከፍል ማየት፣ አማካዩን ወስዶ በወለድ ወደ ዛሬ መመለስ።

አክሲዮኑ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚነግረን ጂኦሜትሪክ ብራውኒያን ሞሽን የሚባለው ሞዴል ነው። በዚህ ሞዴል የዋጋው ሎጋሪዝም ኖርማል ስርጭት ስለሚኖረው ዋጋው መቼም ከዜሮ በታች አይወርድም። በቁጥር እንየው። አክሲዮኑ ዛሬ 100 ነው። ኦፕሽኑ ከአንድ ዓመት በኋላ በ100 የመግዛት መብት ይሰጣል። ወለድ 5 በመቶ፣ የዋጋው መዋዠቅ ደግሞ በዓመት 20 በመቶ ነው።

```python
import numpy as np
S0, K, r, v, T, n = 100, 100, 0.05, 0.2, 1, 10000
Z = np.random.standard_normal(n)
ST = S0*np.exp((r - v**2/2)*T + v*np.sqrt(T)*Z)
P = np.exp(-r*T)*np.maximum(ST - K, 0)
print(P.mean(), P.std()/np.sqrt(n))
```

ዕጣው `Z` 0.8 ቢወጣ አክሲዮኑ 120.92 ይደርሳል። ኦፕሽኑ 20.92 ይከፍላል፣ ወደ ዛሬ ሲመለስ 19.90 ይሆናል። ዕጣው -0.6 ከሆነ አክሲዮኑ 91.39 ላይ ያርፋል፣ ኦፕሽኑም ዋጋ የለውም፣ ዜሮ ነው። ይህንን 10,000 ጊዜ ደጋግሞ አማካዩን መውሰድ ነው፣ አለቀ።

ብዙ ሰው ግር የሚለው ወለዱ ላይ ነው። አክሲዮኑ በዓመት 12 በመቶ ያድጋል ብዬ ባምንስ? አያገባንም። ኦፕሽኑን የሸጠ ሰው አክሲዮኑን በየጊዜው እየገዛና እየሸጠ ስጋቱን ማጣፋት ስለሚችል፣ የእድገት ግምቱ ከዋጋው ውስጥ ይወጣና ከስጋት ነፃ የሆነው ወለድ ብቻ ይቀራል። 12 በመቶ ካስገባችሁ የምታገኙት የግል ትንበያችሁን ነው፣ የውሉን ዋጋ አይደለም።

ሁለተኛው ወጥመድ `- v**2/2` የምትለዋ ናት። ትንሽ ስለምትመስል ትረሳለች፣ ፕሮግራሙም ያለ ምንም ቅሬታ ይሠራል። ትክክለኛው ዋጋ በቀመሩ 10.45 ነው፤ እሷ ስትቀር ግን መልሱ ወደ 11.77 ይወጣል። ለመያዝ አይከብድም፦ የ`ST`ን አማካይ በወለድ ወደ ዛሬ መልሱት። 100 አካባቢ መምጣት አለበት። 102 ከመጣ ያቺ ነገር ተረስታለች ማለት ነው። እኔ ይህን ፈተና ያላለፈ ኮድ ዋጋ ቢሰጠኝም አላምነውም።

እሺ፣ ኮዱ ትክክል ነው እንበል። ደግማችሁ ስታስኬዱት ግን ሌላ ቁጥር ይመጣል፣ አንዴ 10.31፣ አንዴ 10.58። ብልሽት አይደለም። የአንዱ ሙከራ ክፍያ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 14.7 ገደማ ስለሆነ በ10,000 ሙከራ የአማካዩ ስህተት 0.147 ይሆናል፣ መልሱም ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው ዋጋ በ0.29 ወዲህ ወይም ወዲያ ይወድቃል። ኮዱ ሁለተኛ ቁጥር የሚያትመው ለዚህ ነው። ስህተቱ የሚቀንሰው በሙከራው ብዛት ካሬ ሥር ነው፤ አሥር እጥፍ ለማጥበብ መቶ እጥፍ ሙከራ፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን ይጠይቃል። ርካሹ ማቃለያ እያንዳንዱን `Z` ከተቃራኒው ከ`-Z` ጋር ማጣመር ነው። አንዱ ወደ ላይ ሲያጋንን ሌላው ወደ ታች ይስባልና አማካዩ ይረጋጋል። ያኔ ስህተቱ ከጥንዶቹ አማካይ ነው መሰላት ያለበት፣ ጥንዶቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸውና።

እስካሁን የመጨረሻውን ቀን ዋጋ ብቻ ነው ያየነው፤ ለዚህማ ቀመሩ ይበቃ ነበር። ዘዴው ዋጋውን የሚያሳየው ክፍያው በመንገዱ ላይ ሲመሠረት ነው፣ ለምሳሌ በዓመቱ አማካይ ዋጋ የሚከፍል ኦፕሽን። ያኔ ዓመቱን በትንንሽ እርምጃ ከፍሎ ለእያንዳንዱ አዲስ ዕጣ ማውጣት ነው። በዚህ ሞዴል አንዱ እርምጃ ራሱ ትክክለኛ ስለሆነ፣ እርምጃው ቢረዝምም በነጥቦቹ ላይ ያሉት ዋጋዎች አይዛቡም። የሚዛባው በነጥቦቹ መካከል የሚሆነው ነው። አክሲዮኑ ከ80 ከወረደ የሚሰረዝ ኦፕሽን አስቡ። በወር አንዴ ብቻ ከተመለከታችሁ በመሃል 79 ነክቶ የተመለሰው አያመልጣችሁም ወይ? ያመልጣል፣ መሰረዝ የነበረበት ኦፕሽን በሕይወት ይቆያል፣ ዋጋውም ከሚገባው በላይ ይወጣል። እዚህ ላይ ሙከራ ማብዛት ምንም አይረዳም፤ የተሳሳተውን ቁጥር በበለጠ እርግጠኝነት ይሰጣችኋል እንጂ። እርምጃውን በግማሽ እየቀነሱ ዋጋው መውረዱን ከቀጠለ ችግሩ ይኸው ነው። ውሉ ራሱ የሚያየው የየቀኑን የመዝጊያ ዋጋ ብቻ ከሆነ ግን የቀን እርምጃ ይበቃል፣ ከዚያ በታች መከፋፈል ሌላ ውል መተመን ይሆናል።