ኪስ ሲሳሳ ፍቅርን መግለጽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አበባ ከሰጡ አይቀር እቅፍ ሙሉ ነው፤ አንድ ብቻ ይዞ መሄድ ያሳፍራል።»

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የያኔው ጓደኛዬ ለልደቴ ትልቅ እቅፍ አበባ ይዞልኝ መጣ። በዶርማችን ስድስት ሆነን ነበር የምንኖረው፤ ማስቀመጫ ስላጣንለት በልብስ ማጠቢያ ባልዲ ውስጥ ነከርነው። በሦስተኛው ቀን አበባው አንገቱን ደፋ፤ ልጁም ድምፁ ጠፋ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልደወለም። ኋላ ላይ እንደሰማሁት የወሩን ገንዘብ አበባው ላይ ስለጨረሰ ለታክሲም ለስልክ ካርድም የሚሆን አልተረፈውም ነበር። ዛሬ የአበባውን ቀለም ረስቼዋለሁ፤ የሁለቱን ሳምንት ዝምታ ግን አልረሳሁትም።

አንዲት ጽጌረዳ አታሳፍርም። የምታሳፍረው በማግስቱ የምትጠወልግ ጽጌረዳ ናት፤ ይህ ደግሞ ከዋጋ ይልቅ የአያያዝ ጉዳይ ነው። ሆለታ፣ ሰበታና ባቱ አካባቢ ካሉት እርሻዎች ጽጌረዳ ገና እንቡጥ ሳለ ተቆርጦ ወደ ውጭ ይላካል። ዘንጉ ያጠረው ወይም ትንሽ የጠመመው ግን አገር ውስጥ ሊቀር ይችላል። ለአንዲት ጽጌረዳ የዘንግ ማጠር ምንም አይደለም፤ ስለዚህ ሻጩ ረጅሙን ሲያሳያችሁ አጭሩን ጠይቁት።

ስትመርጡ አበባው ከዘንጉ ጋር ከሚገናኝበት ትንሽ ከፍ ብላችሁ በሁለት ጣት በቀስታ ያዙት። ጠጠር ካለ ትኩስ ነው፤ ከለሰለሰ ግን ከተቆረጠ ቆይቷል። የዘንጉ ጫፍ ከጠቆረና ካሙለጨለጨ ተዉት። ከውጭ በኩል ያሉት አንድ ሁለት የአበባ ቅጠሎች ቢጨማደዱ ወይም አረንጓዴ ቢመስሉ ግን አትስጉ፤ እነርሱ የውስጡን ሲጠብቁ የቆዩ ናቸው፣ በእጅ ይነቀላሉ።

ቤት ሲደርስ ውኃ ውስጥ የሚገቡትን ቅጠሎች ሁሉ አንሱ፤ ውኃ የሚያሸቱት እነርሱ ናቸው። ከዘንጉ ጫፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በስለታም ምላጭ አግድመት ቁረጡና ወዲያው ውኃ ውስጥ አስገቡት። ማስቀመጫው አንገቱ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ሊሆን ይችላል፤ ንጹሕ ይሁን እንጂ ማንም አይስቅባችሁም። በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት ጠብታ በረኪና ጨምሩ። ስኳሩ አበባውን ይመግባል፣ በረኪናው ደግሞ ስኳሩን የሚወዱትን ተህዋስያን ይገድላል። ብዙ ሰው ስኳሩን ብቻ ያደርግና በሁለተኛው ቀን ውኃው ለምን እንደደፈረሰ ግራ ይገባዋል። በየሁለት ቀኑ ውኃውን ቀይሩ፣ ዘንጉንም ትንሽ ቁረጡት። ከበሰለ ሙዝ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ከሙዙ የሚወጣው ጋዝ አበባውን ያስረጀዋል።

የእኔ ባልዲ አበባ አንገቱን የደፋው አየር ወይም ቆሻሻ የዘንጉን ቀጫጭን ቧንቧዎች ስለዘጋበት ነበር። ያኔ ባውቅ ኖሮ ጫፉን ቆርጬ፣ አበባውን በጋዜጣ ቀጥ አድርጌ ጠቅልዬ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ጥልቅ ውኃ ውስጥ አቆመው ነበር። ሁልጊዜ ባይሳካም ቶሎ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ ይቃናል። ይህን ሁሉ በአንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ከጽጌረዳዋ ጋር የሚሰጥ ሰው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከእቅፉ ባለቤት ይበልጣል።

በመስከረም ደግሞ ገንዘብ ጭራሽ አያስፈልግም፤ አደይ አበባ በየሜዳው አለ። በጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ ከተቀጠፈና ቶሎ ውኃ ካገኘ ከሰዓት በኋላም ፈክቶ ይቆያል። በቀትር የተቀጠፈው ግን ታክሲ ውስጥ ሳለ ይጠወልጋል።

«ካፌ የመጋበዝ አቅም ከሌለህ ቀጠሮ አትያዝ።»

በወር 600 ብር ለዚህ ጉዳይ የመደበ ጀማሪ ሠራተኛ እንውሰድ። እኔ ባለሁበት ሰፈር ሁለት ማኪያቶና ሁለት ኬክ ወደ 400 ብር ይጠጋል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ጋብዞ ወሩን ሙሉ ይጠፋል። በዚያው ሰፈር የጀበና ቡና 30 ብር ነው። በየሳምንቱ ሁለት ስኒ ቢጠጡ ለአራት ሳምንት 240 ብር፤ ቀሪው 360 ብር ለታክሲ፣ ለቆሎ፣ ለአንዲት ጽጌረዳ ይሆናል። ዋጋው በየሰፈሩ ቢለያይም ስሌቱ ያው ነው፤ አራት ጊዜ መገናኘት ከአንድ ጊዜ ይሻላል። በዚያ ላይ የጀበና ቡና ዝቅተኛ ዱካ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ አስተናጋጅም ሌላ ነገር ታዝዙ እንደሆነ ብሎ አይመላለስም።

ከሁሉም ርካሹ ቀጠሮ ግን የታክሲ ሰልፍ ነው። አትሳቁ። ከሥራ መውጫ በኋላ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ የቆመ ሰው ከሠላሳ እስከ አርባ ደቂቃ ሊጠብቅ ይችላል፤ ደክሞታል፣ ርቦታል፣ የሚያወራውም የለም። በዚያ ሰዓት በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ይዞ አጠገቡ የሚቆም ሰው ምን ያህል እንደሚናፈቅ ሰልፉን የሚያውቅ ያውቀዋል። በክረምት ጃንጥላ መጨመር ነው። አንድ ሥርዓት ግን አለው፤ መጀመሪያ ከኋላ ለቆመው ሰው «እኔ ተሳፋሪ አይደለሁም» ብሎ መናገር ያስፈልጋል። ያለዚያ «ሰልፍ ሰበራችሁ» የሚለው ጭቅጭቅ ይነሣና ፍቅሩ ቀርቶ ሽምግልና ይሆናል።

ሌላው ጥንቃቄ፣ የሥራ ባልደረቦቿ ወይም የሰፈሯ ሰዎች በዚያው ሰልፍ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። አብሮ መታየት ይመቻት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው እንጂ ድንገት መድረስ አይደለም።

«ስጦታ ካላስደነገጠ ስጦታ አይደለም።»

ድንገት የሚመጣ ስጦታ ሁለት ነገር ይስታል። አንደኛው ቦታ ነው፤ የቢሮ እንግዳ መቀበያ ላይ የተቀመጠ አበባ ለአለቃዋም ለጥበቃውም ወሬ ይሆናል፣ ቤተሰቦቿ ገና ካልሰሙ ደግሞ ያስጨንቃታል። ሁለተኛው ቀን ነው። የፍቅረኞች ቀን የሚባለው የካቲት 7 (ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ማግስት ባለው ዓመት የካቲት 6) ይውላል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይም በአንዳንድ ዓመት እንደሚያጋጥመው ዐቢይ ጾም ከገባ፣ የቅቤ ኬክና የወተት ቸኮሌት ለጾመኛ የተላከ ፈተና ነው። አንድ ቀን ቀደም ብሎ «ዓርብ ትጾሚያለሽ?» ማለት ደስታውን አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ጥያቄው ራሱ ከኬኩ ሳይቀድም አይቀርም።

«ቴሌግራም እያለ ደብዳቤ ማን ይጽፋል?»

መጻፍ የሚከብደው ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህም ግጥም ከኢንተርኔት ይገለብጣል። የተገለበጠ ግጥም ደግሞ ይታወቃል፤ ስሟን አውጥተው የሌላ ሰው ስም ቢያስገቡበት አንድም መስመር አይናጋም። በእናቶቻችን ዘመን «ለጤናሽ እንደምን አለሽ፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ተብሎ ሲጀመር ያ አጥር ነበር፤ ቁም ነገሩ ከአጥሩ ወዲያ ይመጣል። የዛሬዎቹ ብዙ ጊዜ አጥሩን ብቻ ይልካሉ።

ግማሽ ገጽ ይበቃል። አንድ ያያችሁት ነገር፣ ያ ነገር ያደረገባችሁ ስሜት፣ ከዚያ አንድ ሊፈጸም የሚችል ሐሳብ። ለምሳሌ አንድ የጋራዥ ሠራተኛ የሒሳብ አያያዝ ለምትማር ጓደኛው እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

«ማክሰኞ ፈተናሽን ጨርሰሽ ስትወጪ በሩ አጠገብ ላለችው ሎተሪ ሻጭ ዱካዋን ወደ ጥላው ስትስቢላት አየሁሽ። እንዳየሁሽ አላወቅሽም። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከአለቃዬ ጋር ስነታረክ ውዬ ተናድጄ ነበር የመጣሁት፤ ያን ካየሁ በኋላ ለምን እንደተናደድኩ ጠፋኝ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ካልዘነበ ከስድስት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ በእግር እንውጣ? ዳገት ነው፤ ቆሎውን እኔ እይዛለሁ።»

ኮከብም ጨረቃም የለበትም። ሆኖም ይህን ደብዳቤ ለሌላ ሴት መላክ አይቻልም፤ ዱካውን የሳበችው አንዲት ብቻ ናትና። ስሕተት ከገባበት ሰርዞ መቀጠል ይቻላል፤ ባለቀለም ወረቀትም አያስፈልግም። የሚያበላሸው ርዝመት ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ሁሉም ሰው መማጸን ይጀምራል።

«ይህ ሁሉ የወንድ ሥራ ነው፤ ሴት ትቀበላለች እንጂ አትሰጥም።»

ይህን የሚሉኝ ብዙውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። ባለቤቴ ያኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ረዳት ሆኖ በየግንባታው ይዞር ነበር፤ ምሳውን በሻይና በዳቦ ያሳልፋል። እኔም አዲስ ተቀጣሪ ስለነበርኩ ምግብ ቤት ልጋብዘው አልችልም። ለእኔ ከምሠራው ላይ ጥቂት ጨምሬ በሳምንት አንድ ቀን ምሳ ዕቃ እልክለት ጀመር። መጀመሪያ ሽሮ ላክሁ፤ ታክሲ ውስጥ ፈስሶ ሸሚዙን አበላሸ። ከዚያ ወደ ፍርፍር ዞርኩ፤ አይፈስም፣ ቀዝቅዞም ይበላል፣ ደግሞ የደረቀ እንጀራ ያነሣል።

በእኛ አገር ባዶ ዕቃ መመለስ ደስ አይልም። እርሱም ይህን ያውቅ ስለነበር ምሳ ዕቃውን አጥቦ፣ አንድ ሎሚ ከትቶ መለሰልኝ። ድሮ በጥምቀት ጎረምሳ ለወደዳት ልጅ ሎሚ ይወረውር እንደነበር እናቴ ስታወራ ሰምቼአለሁ። ጥምቀት ካለፈ ግን ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። «ዘገየህ» አልኩት። «ታክሲ አጥቼ ነው» አለኝ።