«ምንጊዜም ጊዮርጊስ!»

አዲስ አበባ ስታዲየም «ከማን አንሼ» በሚባለው መቀመጫ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው፣ ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ይህችን ሰምቷታል። ሁለት ቃል ናት። ግስ የላትም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ግን ሌላ ነገር አይጨምርባትም፤ ሻርፕ ላይም እንዲሁ ነው የሚያጽፋት።

ለመጮህ የምትመቸው ለምንድን ነው? ቀስ ብላችሁ በጭብጨባ በሏት፦ ምን፣ ጊ፣ ዜም፤ ጊ፣ ዮር፣ ጊስ። ሦስትና ሦስት ምት። ሁለተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ምት ላይ የሚመጣው ያው «ጊ» ነው። ከበሮ መቺው እዚያ እዚያ ላይ ካሳረፈ፣ ዜማውን የማያውቅ ሕፃን እንኳ አይስትም። ከበሮው ሲፈጥን ግን «ምን»ን የሚውጣት ብዙ ነው፤ ያኔ ግማሹ ትሪቡን ቀድሞ ይጨርሳል። የባላንጣው የኢትዮጵያ ቡና «ቡናዬ» ሌላ ዓይነት ናት። መጨረሻዋ ክፍት ስለሆነ እስትንፋስ እስኪያልቅ ትጎተታለች። ይህችኛዋ «ጊስ» ብላ ቆረጥ ትላለች።

እሺ፣ ታዲያ «ሁልጊዜ ጊዮርጊስ» ለምን አልተባለም? በምት ከሆነ ልክ አንድ ናቸው፤ ቁጠሯቸው። ልዩነቱ ትርጉሙ ላይ ነው። «ሁልጊዜ» ድግግሞሽን ይናገራል፤ ሁልጊዜ ጠዋት ቡና እጠጣለሁ እንደምንለው። «ምንጊዜም» ውስጥ ግን «ምን» አለች፣ መጨረሻዋም «ም» ነው። ጊዜው ምንም ዓይነት ቢሆን ማለት ነው፤ ክፉውንም ጊዜ ጨምሮ። ስለዚህ 3 ለ 0 እየተመራ የሚጮህ ደጋፊ እየዋሸ አይደለም። እንደኔ እንደኔ፣ ይህቺ ቃል እውነተኛ ጣዕሟ የሚወጣው ሲሸነፉ ነው። ሲያሸንፉማ ማንም ይጮሃል።

ለዚህ ክለብ ደግሞ «ክፉ ጊዜ» ባዶ ቃል አይደለም። የአራዳ ልጆች፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ፣ ቡድኑን ያቋቋሙት በ1928 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ወረራውን ከጀመረ ጥቂት ወራት እንኳ በቅጡ አልሞላውም ነበር። ስሙን የወሰዱት እዚያው አራዳ ካለው ቤተ ክርስቲያን ነው። በወረራው ዘመን ያ ስም ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። በደርግ ጊዜም በቢራ ፋብሪካው ስም ተጫውቷል፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ያገኛቸው ዋንጫዎች በቢራ ስም የተመዘገቡ ናቸው። ስሙ ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ ተመልሷል። አንድ ወጣት ደጋፊ ይህን ታሪክ ላያውቅ ይችላል። «ምንጊዜም» ሲል ግን ሳያውቀው እነዚያንም ዓመታት ይቆጥራቸዋል።